መኖሪያ ቤትና ንግድ ቤት፤ አከራይ «ተይ» ሲል እንዴት ይበል?



በየጊዜው ወደ ሽማግሌ ከሚቀርቡት የጎረቤት ክርክሮች መካከል አንዱ እየበዛ መጥቷል። ይኸውም ሰው ሊኖርበት በተከራየው ክፍል ውስጥ ገበያተኛ የሚመላለስበት ንግድ ሲከፍትና አከራዩ «ይቁም» ሲል የሚነሳው ነው። አከራይ «ቤቱ የኔ ነው» ይላል፤ ተከራይ «ኪራዩን እከፍላለሁ፣ ምን አጎደልኩ?» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ክርክሩ ግን በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አያልቅም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ያለንን አስተያየት በግልጽ ማስፈር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስተያየታችንን አስቀድመን እንናገር። አከራይ መኖሪያ ብሎ ባከራየው ቤት ውስጥ የተከፈተ ንግድ እንዲቆም መጠየቅ መብቱ ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን የሚጠየቀው ንግዱ እንዲቆም እንጂ ሰውየው እንዲወጣ አይደለም። ጥያቄውም በጽሑፍ፣ በቂ ጊዜ ተሰጥቶና በተቆጠረ ምክንያት መቅረብ አለበት። ከዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ ጠብ ነው።

በመሠረቱ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ንግድ ቤት አያሰኝም። ጥጥ የምትፈትል፣ በትእዛዝ እንጀራ ጋግራ የምትልክ፣ ማታ ማታ ልብስ የሚሰፋ ሰው ሞልቷል። ይህን ሁሉ «ተው» ማለት ሰውን «ብላ ግን አትሥራ» እንደማለት ነው። ደግሞም እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ ሲጣራ አሥር ሰው ቢገባ ማንም አይቆጥርም። ታዲያ መስመሩ የቱ ላይ ነው?

እንደኛ አስተያየት መስመሩ ደንበኛው ነው። ሥራው ከቤት ወጥቶ ወደ ደንበኛው የሚሄድ ከሆነ ቤቱ መኖሪያ እንደሆነ ይቀጥላል። ደንበኛው ወደ ግቢ የሚመጣ ከሆነና የሚመጣውም የማይታወቅ ሰው ከሆነ፣ ቤቱ ንግድ ቤት ሆኗል። ቡና ተጠራርቶ የሚጠጣ ጎረቤት በሩን ሲያልፍ የቤቱን ሰው ያውቃል፣ ልጆቹን ያውቃል፣ ሲወጣም በሩን ይዘጋል። ሳንቲም ከፍሎ የሚጠጣ መንገደኛ ግን ይህን ሁሉ የማወቅ ግዴታ የለበትም። ልዩነቱ ቡናው ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ስም የለውም፤ የማንም ታሪክ አይደለም፤ ቁጥሩንም ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥነው ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ዐይነት ነው።

አንዲት እናት ከመንገዱ ዳር ግቢ አላቸው እንበል። በግቢው ውስጥ ሦስት ቤተሰብ፣ በጠቅላላው 14 ሰው ይኖራል። በሩ አንድ ነው፤ የጉድጓድ መጸዳጃውም አንድ ነው። አንድ ክፍል ለአንዲት ወጣት እናት ለመኖሪያ ብለው አከራዩ። ውሉ የቃል ነው። ልጅቷ በመጀመሪያው ወር ለጎረቤት ቡና አፈላች። በሦስተኛው ወር ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገባች። በስድስተኛው ወር ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ የአገር ጎብኚ ይዞ የመጣውም ሰው ጠዋት ጠዋት በዚያ ግቢ ቡና ይጠጣ ጀመር። አሁን በቀን 45 ሰው ያህል ይገባል።

አንድ ቀን ማለዳ አሮጊቷ ይቆጣሉ። «ልጄ፣ ግቢዬን የገበያ ሜዳ አደረግሽው! ውኃዬም አለቀ! ነገ ውጪልኝ!» ይላሉ። ልጅቷም «እማማ፣ ስድስት ወር ሙሉ እያዩ ዝም ብለው ዛሬ ምን ተገኘ?» ትላለች። ኧረ ይህ ክርክር የት ይደርሳል? በዚህ አካሄድ የትም አይደርስም። አሮጊቷ ቅሬታ አላቸው፣ ግን ቅሬታቸውን አልቆጠሩትም። ልጅቷም መልስ አላት፣ ግን የመለሰችው ለዝምታው እንጂ ለቅሬታው አይደለም።

እስቲ እኛ እንቁጠረው። ለአንድ ሲኒ ቡና፣ ከነማጠቢያው፣ አንድ ሊትር ውኃ ሄደ ብንል እንኳ ለ45 ሰው 45 ሊትር ነው። ይኸውም በ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ጀሪካን ከሩብ ማለት ነው። ይህን ደግሞ ልጅቷ ራሷ ልትቀዳው ትችላለች። እንግዲህ ውኃው ዋናው ችግር አይደለም። መጸዳጃውስ? ከ45ቱ ሰው አንድ ሦስተኛው ቢጠቀም በቀን 15 ሰው ነው። ለ14 ሰው የተቆፈረ ጉድጓድ በእጥፍ ሰው ይጠቀምበታል ማለት ነው። ሽታውና ዝንቡ ወዲያው ይታያል፤ ጉድጓዱም ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ይሞላል። አዲስ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ደግሞ አከራዩ ነው። በሩስ? 45 ሰው ሲገባና ሲወጣ በር በቀን 90 ጊዜ ይከፈታል። ዘጠና ጊዜ የሚከፈት በር ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተ ይውላል። ልጅ ወደ መንገድ ይወጣል፤ ዶሮ ይጠፋል፤ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ይነሳል፤ ማን እንደወሰደውም አይታወቅም።

ስለዚህ አሮጊቷ «ውኃዬ አለቀ» ከሚሉ ይልቅ «በሬ አይዘጋም፣ መጸዳጃዬም እየሞላ ነው» ቢሉ ልጅቷ የምትመልሰው አይኖራትም። ቅሬታ ያለው አከራይ ከመናገሩ በፊት አንድ ሳምንት ይቁጠር የምንለው ለዚህ ነው። ስንት ሰው ገባ? በስንት ሰዓት? መጸዳጃውን ስንቱ ተጠቀመ? ከጎረቤት ማን ምን አለ? «ሕዝብ አስገባሽ» የሚለው ቃል ጠብ ያስነሳል፤ «ከሰኞ እስከ እሑድ በቀን ከ40 የማያንስ ሰው ገብቷል» የሚለው ግን በሽማግሌም በፍርድ ቤትም ፊት ይቆማል።

በቆጣሪም ረገድ እንዲሁ ነው። በግቢ አንድ የመብራት ቆጣሪ ብቻ ካለና ተከራዩ ለሽያጭ እንጀራ የሚጋግር ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይስባል። በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ 182 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም በደረጃ የሚጨምር ነው። በመሆኑም ጋጋሪዋ «የኔን ድርሻ እከፍላለሁ» ብትል እንኳ ሁለት አምፖል ብቻ የሚያበራው ጎረቤት በከፍተኛው ደረጃ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ይህ ጉዳት የማይታይ ነው፤ ቢቆጠር ግን ይታያል።

አሁን ሕጉ ምን ይላል ወደሚለው እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም የሚሠራ ነው። በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ሆኖ እንደሚጸና ይናገራል። ለመኖሪያ ተብሎ የተደረገ ውል እንግዲህ ሁለቱንም ያስራል፤ ተከራይን ንግድ እንዳይከፍት፣ አከራይንም ውሉ ሳያልቅ እንዳሻው እንዳያስወጣ። ያው ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው እንኳ በራሱ ይዞታ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ የአካባቢውን ልማድም እንድናይ ያዛል። በእኛ አገር ቡና ሲቆላ ጭስ መውጣቱ ነውር አይደለም። ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በጎረቤት መስኮት ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ በተጨማሪ በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ይህ አዋጅ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይወስናል። ተከራይ በዘፈቀደ እንዳይወጣ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ቤቱን ያለ አከራዩ ፈቃድ ለንግድ ማዋልን ውል ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ክልሎችን በሚመለከት አዋጁ የሚሠራው በሚወሰኑ ከተሞች ስለሆነ፣ በቦንጋ ቤት የተከራያችሁ ወይም ያከራያችሁ ሰዎች ከከተማው አስተዳደር ጠይቃችሁ ተረዱ። በማንኪራ ለምንኖረው ግን ዋናው መመኪያችን ውላችንና የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ነው። ለዚህም ነው የቃል ውል አይበጅም የምንለው። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ «ለመኖሪያ ብቻ» የሚሉ ሁለት ቃላት ቢሰፍሩ በምሳሌያችን ያየነው ክርክር ግማሹ ባልተነሳ ነበር።

አንዳንድ ተከራይ «የንግድ ፈቃድ አውጥቻለሁ» ብሎ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ፈቃዱ ከመንግሥት ጋር ያለውን ጉዳይ ያስተካክላል እንጂ ከአከራዩ ጋር ያለውን ውል አይለውጥም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ጆንያ ቡና ከገበሬ እየገዛ በመኝታ ክፍሉ የሚከምር ተከራይ ካለ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ያልፋል። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቡናን ንግድ ፈቃድ ላለው ሰውና ለተወሰነለት የግብይት ቦታ የተወ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አከራይ ቢፈቅድ እንኳ ፈቃዱ አያድንም። ያልደረቀ ጀንፈል በቤት ሲከመር ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ጆንያውም በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ምርጉን ያረግፋል። ግድግዳው ላይ እርጥበት ሲታይና የሻገተ ሽታ ሲመጣ አከራይ ዝም ማለት የለበትም።

እንግዲህ ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። አሮጊቷ እንዴት ቢያደርጉ ይሻላቸው ነበር?

መጀመሪያ በቃል ይነገር። ንግዱ በሚበዛበት ሰዓት፣ ደንበኛ ፊት መሆን ግን የለበትም። ማታ ሰው ሲሄድ ጠርተው «ልጄ፣ እንጀራሽን መንካት አልፈልግም፤ ነገር ግን በሬ አልዘጋ አለ፣ ጉድጓዱም እየሞላ ነው፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ቢሏት ብዙው ነገር እዚያው ያልቃል።

ቃል ካልሠራ ደብዳቤ ይከተላል። ደብዳቤው ስድብም ዛቻም አይኑርበት። አምስት ነገር ብቻ ይያዝ፤ ቤቱ መቼና ለምን እንደተከራየ፣ አሁን ምን እየተሠራበት እንደሆነ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰ፣ ምን እንዲቆም እንደተፈለገና እስከ መቼ። ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ለመኖሪያ በተከራየሽው ክፍል ቡና እየተሸጠ በቀን ከ40 የማያንስ ሰው ወደ ግቢው ይገባል። በዚህም ምክንያት የግቢው በር የማይዘጋ ሆኗል፤ የጋራው መጸዳጃም ያለ ጊዜው በመሙላት ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ደንበኛ ወደ ግቢ ማስገባቱን እንድታቆሚ እጠይቃለሁ። መኖሪያነቱ እንደ ውላችን ይቀጥላል።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትርሱ። ተከራይዋን የሚያረጋጋት እሷ ናት፤ በኋላም አከራይዋ ጥያቄው እውነተኛ እንደነበረ የምታስረዳው እሷው ናት። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ ተቀባይዋ በአንዱ ላይ ትፈርም። አልፈርምም ካለች ሁለት ምስክር ባለበት ይሰጣትና ምስክሮቹ ይፈርሙ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመም የሚል ሰው በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ፣ ይህ ወረቀት ዝም ብሎ ወግ አይደለም።

60 ቀን ለምን? ብለው የሚጠይቁ ይኖራሉ። ሕጉ ይህን ቁጥር ስላዘዘ አይደለም፤ አስተያየታችን ነው። ቡና ሻጭ ሀብቷ ጀበናውና አግዳሚው ሳይሆን በየጠዋቱ የሚመጣው ሰው ነው። በአንድ ቀን ብትነሳ ያን ሁሉ ሰው ታጣለች። ሁለት ወር ቢሰጣት ግን መንገድ ዳር ቦታ ትፈልጋለች፣ ደንበኛዋንም «ከወሩ መጨረሻ በኋላ እዚያ ማዶ ነኝ» ትለዋለች። ስድስት ወር ዝም ያለ አከራይ ሁለት ወር ቢታገሥ አይጎዳም።

ደብዳቤውም ካልሠራ ሽማግሌ፣ ከዚያም የወረዳ ፍርድ ቤት አለ። በመካከሉ ግን ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር አለ። በር መቆለፍ፣ መብራት መቁረጥ፣ ውኃ መከልከል፣ ጣራ ማንሳት፣ የሰው ዕቃ ደጅ ማውጣት። ይህን ያደረገ አከራይ እስከ ትናንት የነበረውን እውነት ዛሬ በእጁ ያጠፋል። ሽማግሌውም ዳኛውም ስለ ቡናው ንግድ መጠየቁን ትተው ስለ ተቆለፈው በር ይጠይቁታል።

ሌላም መናገር ያለብን ነገር አለ። አንዳንድ አከራይ ንግዱ እንዲቆም የሚጠይቀው እንዲቆም ፈልጎ አይደለም። «አንድ ሺህ ብር ጨምሪና ቀጥዪ» ይላል። እኛ ይህን በጎ አድርገን አናየውም። ቅሬታው የበሩና የመጸዳጃው ከሆነ አንድ ሺህ ብር በር አይዘጋም፣ ጉድጓድም አያጎድልም። የጎረቤቶቹን ሰላም ሸጦ ገንዘቡን ለብቻው ይወስዳል ማለት ነው። ደግሞም ለንግዱ ብሎ የተጨመረ ኪራይ የተቀበለ አከራይ በኋላ «አልፈቀድኩም» ቢል ማን ያምነዋል? ንግዱን ከፈቀደ በግልጽ ይፍቀድ፤ ውሉ ይለወጥ፤ ወደ መንገድ የሚወጣ የብቻ በር ይከፈት፤ መጸዳጃ ይቆፈር፤ የግቢው ሰዎችም ይጠየቁ። ካልፈቀደም አለመፍቀዱን ይናገርና ገንዘቡን ይተው።

ለተከራዮችም አንድ ቃል አለን። «ዝም ብለውኝ ነበር» የሚለው መልስ ጊዜ ያሰጣል እንጂ መብት አይሆንም። ዝምታው ልመና ከብዷቸው ወይም አፍረው ሊሆን ይችላል። የግቢው ልጅም ሌሊት መተኛት፣ ጠዋት በሰላም ፊቱን መታጠብ ይፈልጋል። ደንበኛ ወደ ቤት ከሚመጣ ሥራው ወደ ደንበኛ እንዲሄድ ማድረግ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡ። ቡናውን ቆልቶና ፈጭቶ ለሱቅ ማቅረብ፣ ጀበናውን በሰዓቱ ወደ መሥሪያ ቤት መላክ፣ እንጀራውን ጋግሮ ለምግብ ቤት ማስረከብ ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ቤቱ መኖሪያ ሆኖ ይቀራል፣ እንጀራውም አይቋረጥም።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቤት ያከራያችሁም የተከራያችሁም ሁሉ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ በውሉም ላይ ደንበኛ ወደ ግቢ ይገባ ወይም አይገባ እንደሆነ አንድ መስመር ጻፉ። የመንገዱ ዳር ቦታ ጉዳይም ለቀበሌው ቀርቦ ይነጋገርበት፤ ምክንያቱም መሸጫ ቦታ በሌለበት «ከቤት ውጪ ሽጡ» ብሎ መናገር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። አከራይ በሩ ይዘጋለት፤ ተከራይም ጀበናዋን የምታስቀምጥበት አታጣ።